«ደረቅ ነው» የተባለ ዓይን መርፌ ለምን አስፈለገው?

«እናቴ 72 ዓመቷ ነው። ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት የዓይኗ ማኩላ በእድሜ ምክንያት ተጎድቷል፣ ግን ደረቁ ዓይነት ስለሆነ መርፌ አያስፈልገውም ተባልን። ቫይታሚንና መስመር የተሰመረበት ወረቀት ሰጧት። ወረቀቱን ፍሪጅ ላይ ለጥፋ በየቀኑ ታየዋለች፤ ሁሌም ደህና ነው ትለኛለች። ባለፈው ሳምንት ግን ስልኳ ላይ ፊደሎቹ ተጣመሙብኝ አለች። ስንሄድ ግራ ዓይኗ እርጥብ ሆኗል፣ ዓይኗ ውስጥ መርፌ መወጋት አለባት፣ ቶሎ ይሁን አሉን። የመጀመሪያው ሐኪም ተሳስቶ ነበር? ወረቀቱስ ለምን አላሳየም? መርፌውን በጣም ፈርታለች፤ ትንሽ ብንጠብቅስ?»

ከመጨረሻው ልጀምር። አትጠብቁ። እርጥቡ ዓይነት ሲገኝ የመጀመሪያው መርፌ በቀናት ውስጥ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በሁለት ሳምንት ውስጥ መሰጠት አለበት። የተሰጣችሁ ቀጠሮ ከዚያ የራቀ ከሆነ ደውላችሁ «እርጥብ ማኩላ ነው የተባለው፣ አዲስ የተገኘ ነው፣ መርፌ ገና አልተጀመረም» በሉ። እነዚህን ሦስት ነገሮች የሰማ የዓይን ክፍል ነገሩ አስቸኳይ መሆኑን ያውቃል። ስለ መርፌው ወደ ታች በዝርዝር እጽፋለሁ። ያንን ክፍል እናትዎ ራሳቸው ቢሰሙት ጥሩ ነው።

የመጀመሪያው ሐኪም የተሳሳቱ አይመስለኝም። ግር የሚያሰኘው ስሙ ነው። «ደረቅ» እና «እርጥብ» ሲባል ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ይመስላሉ። በሽታው ግን አንድ ነው። ደረቁ መነሻው ነው፤ እርጥቡ በዚያው ላይ የሚነሳ አደጋ ነው። አንድ ሐኪም «ደረቅ ነው» ሲል «ዛሬ ፈሳሽ አላየሁም» ማለቱ ነው እንጂ ወደፊት አይመጣም ማለቱ አይደለም። ያንን ወረቀት የሰጧቸውም ለዚሁ ነው። ችግሩ ይህ ብዙ ጊዜ በግልጽ አይነገርም። «መርፌ አያስፈልገውም» የምትለዋ ቃል ቤት ስትደርስ «ከአደጋ ተርፈናል» ትሆናለች።

ዓይን ውስጥ የሆነውን ላስረዳ። ከዓይናችን በስተኋላ ብርሃን የሚቀበል ስስ ንጣፍ አለ፤ ሬቲና ይባላል። መሃሉ ላይ ያለችው ጥቂት ሚሊሜትር ስፋት ያላት ቦታ ማኩላ ናት። ስናነብ፣ የሰው ፊት ስንለይ፣ መርፌ ውስጥ ክር ስናስገባ የምንጠቀመው በእሷ ነው። ከማኩላ ሥር ደግሞ እሷን የሚመግብና ቆሻሻዋን የሚያነሳ ሌላ ስስ ሽፋን አለ። እድሜ ሲገፋ ይህ ሽፋን ይደክማል። ያልተነሳው ቆሻሻ ከሥሩ ይከማቻል። ሐኪም ሲያየው ቢጫ ነጠብጣብ ይመስላል፤ ድሩሰን እንለዋለን። ደረቁ ዓይነት ይህ ነው። ብዙዎች በዚህ ደረጃ ለዓመታት ያነባሉ፣ ይሠራሉ። በአንዳንዶቹ ግን ሽፋኑ ቀስ እያለ ቦታ ቦታውን ይሞታል፤ ያኔ እይታቸው መሃል ላይ ይሳሳል። ደረቁም ዓይን ይጎዳል ማለት ነው፤ ጉዳቱ ግን የሚቆጠረው በዓመታት ነው።

እርጥቡ ሌላ ፍጥነት አለው። የተጎዳው ሽፋን «ድረሱልኝ» የሚል ዓይነት ኬሚካል ይለቃል። ቪኢጂኤፍ ይባላል፤ ሥራው አዲስ ደም ስር ማብቀል ነው። ከሥር አዳዲስ ደም ስሮች ይበቅላሉ፤ ግን ግድግዳቸው ደካማ ነው። ፈሳሽ ያሾልካሉ፣ አንዳንዴም ይደማሉ። እርጥበት የገባበት ግድግዳ አይተው ያውቃሉ? ቀለሙ ይነፋና ከግድግዳው ይነሳል። ማኩላም ፈሳሽ ከሥሯ ሲገባ እንደዚያ ትነሳለች። ቀጥ ያለው መስመር የሚጣመመው ለዚህ ነው። ስልኩ ምንም አልሆነም፤ የጎበጠው ምስሉ የሚያርፍበት ንጣፍ ነው። ፈሳሹ ሳይቆም በቆየ ቁጥር ህዋሳቱ ይሞታሉ፣ በቦታው ጠባሳ ይተካል። ጠባሳን ደግሞ የሚመልስ መርፌ የለም። ይህ ሁሉ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ያልቃል። የማኩላ ችግር ካለባቸው አሥር ሰዎች እርጥቡ የሚይዘው አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። ሆኖም መርፌው ከመምጣቱ በፊት በዚህ በሽታ ክፉኛ ከሚታወሩት አብዛኞቹ እነዚያው ነበሩ።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ጥያቄዎን ሳነብ ልቤ የቆመው «ፍሪጅ ላይ ለጥፋ» የሚለው ላይ ነው። እናትዎ ሰነፍ አልነበሩም፤ በየቀኑ አይተዋል። ግን እንዴት እንደሚታይ ቁጭ ብሎ ያሳያቸው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ወረቀቱ የአምስለር ሰንጠረዥ ይባላል፤ በ1940ዎቹ ያስተዋወቀው ማርክ አምስለር የተባለ የስዊዘርላንድ የዓይን ሐኪም ነው። መደበኛው በየጎኑ 10 ሴንቲሜትር ነው። ትንንሾቹ ካሬዎች 5 ሚሊሜትር ናቸው። መጠኑ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። ከዓይን 30 ሴንቲሜትር ያህል ርቆ ሲያዝ እያንዳንዱ ካሬ ከእይታችን አንድ ዲግሪ ይይዛል፤ መላው ወረቀት ደግሞ ማኩላን ይሸፍናል። ፍሪጅ ላይ ከአንድ ሜትር ስታዩት ግን ያው ወረቀት የሚሸፍነው ከዚያ አንድ ሦስተኛውን ስፋት ብቻ ነው። ከመሃል ትንሽ ወጣ ብሎ የጀመረ ፈሳሽ ከወረቀቱ ውጪ ይቀራል። በዚያ ላይ ቆሞ በሩቁ የሚያይ ሰው የማንበቢያ መነጽሩን አያደርግም።

ከሁሉ የከፋው ግን ሁለቱን ዓይን ገልጦ ማየት ነው። እናትዎም እንደዚያ ያደረጉ ይመስለኛል። ሁለት ዓይን አብሮ ሲከፈት ጤናማው የታመመውን ይሸፍንለታል፤ አንጎላችንም ጥሩውን ምስል ይመርጣል። በግራ ዓይናቸው መስመሩ እንደ እባብ ቢጣመም እንኳ በሁለቱ ሲያዩ ቀጥ ያለ ሊመስላቸው ይችላል። «ደህና ነው» ያሉት እውነታቸውን ነው።

ትክክለኛው አሠራር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እናትዎ ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ብርሃኑ ጥሩ ይሁን። የሚያነቡበትን መነጽር ያድርጉ። የመነጽሩ የላይኛው ክፍል ለሩቅ፣ የታችኛው ለቅርብ ከሆነ በታችኛው ይዩ። አንዱን ዓይን በመዳፋቸው ይሸፍኑ፣ ግን አይጫኑት፤ የተጫነ ዓይን ሲገለጥ ለጊዜው ይደበዝዝና ያሳስታል። ወረቀቱን መጽሐፍ እንደሚያነቡ ያህል አቅርበው ይያዙ። ከዚያ መሃል ያለችውን ነጥብ ብቻ ትክ ብለው ይዩ። አስቸጋሪዋ ይህች ናት፤ ዓይን በመስመሮቹ ላይ መሄድ ይፈልጋል። ነጥቧን ሳይለቁ አራቱም ማዕዘን ይታያል? የተጣመመ፣ የተቆረጠ ወይም የደበዘዘ መስመር አለ? የጎደለ ካሬ ወይም ጥላ ያረፈበት ቦታ አለ? ከዚያ ዓይን ይቀይሩ።

አንዳንድ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትንሽ መንሻፈፍ ያያል። እንደዚያ ከሆነ በወረቀቱ ኮፒ ላይ በእርሳስ ያክብቡትና ቀኑን ይጻፉበት። ለቀኝና ለግራ ዓይን የተለያየ ኮፒ ይኑራችሁ። የምንፈራው ለውጡን ነው። የቆየው ጉድለት ከሰፋ ወይም አዲስ ከመጣ በዚያው ቀን ይደወላል። «ነገ ይሻለው ይሆናል» የሚባልበት ነገር አይደለም።

እውነቱን መናገር ስላለብኝ ደግሞ ይህን ልጨምር። በትክክል ቢሠራም ወረቀቱ ብዙ ያመልጠዋል። አንጎል የጎደለውን መስመር ራሱ ስሎ ይሞላል። በተለይ መስመሮቹ እኩልና ተደጋጋሚ ስለሆኑ መገመት ቀላል ይሆንለታል። ስለዚህ ንጹህ የታየ ወረቀት ቀጠሮ አያስቀርም። ሰዉ ለውጡን የሚነቃው ብዙ ጊዜ በኑሮው ውስጥ ነው፦ የበር ጠርዝ ሲጎብጥ፣ የወለል ሰድር መስመር ሲሰበር፣ ከቃል መሃል ፊደል ሲጠፋ። እናትዎም በስልካቸው ነቅተዋል። ያንን በሳምንቱ ለእርስዎ መናገራቸውና ወዲያው መሄዳችሁ ዓይኑን ሊያተርፈው ይችላል።

አንድ ታካሚዬን ላንሳ፤ ከእናትዎ ጋር ስለሚመሳሰሉ። የ76 ዓመት ሰው ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የሂሳብ ባለሙያ። ለሦስት ዓመት ያህል ደረቅ ማኩላ ይዟቸው እንከታተላቸው ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ወረቀቱን ሲያዩ በቀኝ ዓይናቸው ከነጥቧ በስተግራ ያሉት ቋሚ መስመሮች ሆድ አወጡ። በአምስተኛው ቀን መጡ። የእይታ ሰሌዳ ላይ በዚያ ዓይን 6/18 ብቻ አነበቡ። ጤናማ ዓይን ከ18 ሜትር የሚለየውን እሳቸው የሚለዩት ከ6 ሜትር ነበር ማለት ነው። ኦሲቲ አነሳናቸው። ይህ ዓይንን ሳይነካ በብርሃን ብቻ የሬቲናን ንብርብር እንደ መጽሐፍ ገጾች ከጎን የሚያሳይ ምርመራ ነው። ከማኩላው ሥር ጥቁር ጉብታ ሆኖ ፈሳሹ ቁልጭ ብሎ ታየ።

በየወሩ አንድ፣ ሦስት መርፌ ወሰዱ። ከሦስተኛው በኋላ ፈሳሹ ጠፋ፤ እይታቸው 6/9 ሆነ። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ እሳቸውም «ድኛለሁ፣ በቃ?» ብለው ጠየቁኝ። አልዳኑም። መድኃኒቱ ያንን ደም ስር አብቃይ ኬሚካል ይይዘዋል፣ ግን በሳምንታት ውስጥ ከዓይን ይወጣል። ሽፋኑ ደግሞ ኬሚካሉን ማመንጨቱን አያቆምም። ስለዚህ ክፍተቱን በሁለት በሁለት ሳምንት እየጨመርን ሞከርን፦ 6 ሳምንት፣ 8 ሳምንት፣ 10 ሳምንት። በ10ኛው ሳምንት ኦሲቲው ላይ ትንሽ ፈሳሽ ተመልሶ ታየ። እሳቸው ምንም አልተሰማቸውም፤ ወረቀቱም ላይ የለም። ወደ 8 መለስናቸው። ይኸው ሁለት ዓመት ሆናቸው፣ በየ8 ሳምንቱ ይመጣሉ፣ አሁንም ያነባሉ። የእያንዳንዱ ሰው ዓይን የሚታገሰው ጊዜ የተለያየ ነው። አንዱ 12 ሳምንት ይቆያል፣ ሌላው ከ4 አያልፍም። የሚታወቀው በመሞከር ብቻ ነው።

ሌላ ታካሚ ነበሩኝ፤ እሳቸውን ሳስብ ዛሬም ያመኛል። ከሦስተኛው መርፌ በኋላ ጥሩ ስላዩ ቀሩ። ከሰባት ወር በኋላ ሲመጡ መሃሉ ጠባሳ ሆኖ ነበር። ከዚያ በኋላ የሰጠናቸው መርፌ ያጡትን አልመለሰላቸውም። ለእናትዎ ከመጀመሪያው ቀን «ይህ ረጅም መንገድ ነው» ብላችሁ ብትነግሯቸው ይሻላል። ሦስት ብቻ ነው ብሎ የተነሳ ሰው በአራተኛው ይሰለቻል።

አሁን ስለ መርፌው። ሰው የሚፈራው መርፌ ፊት ለፊት ወደ ብሌኑ ሲመጣ በዓይነ ህሊናው እያየ ነው። እንደዚያ አይደለም። መጀመሪያ የሚያደነዝዝ ጠብታ ይደረጋል፤ ብዙውን ጊዜ ደጋግመው ያደርጉታል። ቀጥሎ ዓይኑና ዙሪያው በአዮዲን ይታጠባል። ተህዋስያንን የሚገድለው እሱ ስለሆነ የማይታለፍ እርምጃ ነው። ዓይን እንዳይጨፈን ቆቡን የሚይዝ ትንሽ ሽቦ ይገባል። ብዙዎች ከመርፌው ይልቅ የሚያማርሩት በዚህ ሽቦ ነው። ከዚያ «ወደዚያ ይመልከቱ» ይባላሉ። መርፌው የሚገባው በነጩ የዓይን ክፍል ነው፣ ከጥቁሩ ጠርዝ 4 ሚሊሜትር ያህል ርቆ። መርፌውን አያዩትም። የሚገባው መድኃኒት 0.05 ሚሊሊትር ነው፤ አንድ ጠብታ ቢያክል ነው። ሰከንዶች ይወስዳል። የሚሰማው መጫን ነው፣ አንዳንዴ አጭር ውግታ። መላው ነገር ከነዝግጅቱ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ከመርፌው በኋላ «አለቀ እንዴ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው።

በዚያን ቀን ማታ ዓይን ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል ይቆረቁራል። ይህ ብዙውን ጊዜ ከአዮዲኑ ነው፤ በማግስቱ ይተዋል። ነጩ ላይ ቀይ የደም ምልክት ሊቀር ይችላል። ያስደነግጣል፣ ግን እይታ አይነካም፣ በአንድ ሁለት ሳምንት ይጠፋል። ክብ ጥቁር አረፋ ሲንሳፈፍ ቢያዩም አይደንግጡ፤ አብሮ የገባ ትንሽ አየር ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ይሟሟል። ዓይን አይታሽ፤ ለጥቂት ቀናት ውሃ አይግባበት።

የሚያስፈራው ምልክት ከዚህ ይለያል። ህመሙ እየቀነሰ መሄድ ሲገባው ከጨመረ፣ ዓይኑ እየቀላ ከሄደ፣ ብርሃን ሲያይ ካመመው፣ እይታው ከደበዘዘ፣ በተለይ ከሁለተኛው ቀን እስከ አንድ ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ዓይኑ ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቶ ሊሆን ይችላል። በግምት ከሁለት ወይም ሦስት ሺህ መርፌ በአንዱ የሚያጋጥም ነው። ጥቂት ነው፣ ሲመጣ ግን ዓይን ያጠፋል። ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ሂዱ። የክፍሉን ስልክ ከመጀመሪያው ቀን ያዙ። ከመወጋታቸው በፊት ደግሞ ዓይናቸው ዓይናር እያወጣ ወይም ቀልቶ ከሆነ፣ በቅርቡ ስትሮክ ወይም ድንገተኛ የልብ ሕመም ካጋጠማቸው፣ አዮዲን የማይስማማቸው ከሆነ ተናገሩ።

የመድኃኒቱን ስም ስታዩም እንዳትደነግጡ። ራኒቢዙማብ፣ አፍሊበርሴፕት፣ ፋሪሲማብ የሚባሉት ለዓይን ተብለው የተዘጋጁ ናቸው። ቤቫሲዙማብ ግን መጀመሪያ የወጣው ለአንጀት ካንሰር ነው። ወረቀቱ ላይ «የካንሰር መድኃኒት» የሚል ያነበበ ቤተሰብ ደንግጦ ሲመለስ አይቻለሁ። ለዓይን የሚሰጠው እጅግ ትንሽ መጠን ነው። በ2011 ይፋ የሆነ ትልቅ ጥናት ከራኒቢዙማብ ጋር አወዳድሮት በእይታ ውጤት እኩል አግኝቶታል። ዋጋው ዝቅ ያለ ስለሆነ ብዙ ቦታ የሚጀመረው በእሱ ነው። ቀጠሮ ሳይቋረጥ የሚገኝ መድኃኒት ስሙ ትልቅ ሆኖ ከሚቆራረጥ ይሻላል እላለሁ።

ምን ይጠብቁ? በ2006 የወጣው የራኒቢዙማብ ጥናት ላይ በየወሩ ከተወጉ መቶ ሰዎች ወደ 95ቱ በዓመቱ እይታቸው ብዙ ሳይቀንስ ቆይቷል። ካልተወጉት ይህ የሆነላቸው 62 ያህሉ ነበሩ። ከተወጉት ሲሶ ያህሉ እንዲያውም በሰሌዳው ላይ ሦስት መስመርና ከዚያ በላይ ጨምረው አንብበዋል። ከሦስቱ ሁለቱ ያን ያህል አልጨመሩም ማለትም ነው። እናትዎ «አልተሻለኝም» ቢሉ «አልባሰብዎትም ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ባለበት መቆም እዚህ በሽታ ላይ ድል ነው።

ቀኝ ዓይናቸው እንዳይረሳ። አንዱ ዓይን እርጥብ የሆነበት ሰው ሁለተኛውም እርጥብ የመሆን ዕድሉ ከሌላው ከፍ ይላል። ቫይታሚኑን አያቁሙ፤ ጥቅሙ በዋናነት ለዚያኛው ዓይን ነው። ቫይታሚን ሲና ኢ፣ ዚንክ፣ ኮፐር፣ ሉቲንና ዚያዛንቲን ያለበት ከሆነ የተጠናው እሱ ነው። በመካከለኛ ደረጃ ላሉ ሰዎች ወደ ከባዱ ደረጃ የመሸጋገርን ዕድል በአምስት ዓመት ውስጥ በሩብ ያህል ይቀንሳል። ሲጋራ የሚያጨሱ ወይም አጭሰው ያቆሙ ከሆነ ቤታ ካሮቲን ያለበትን አይውሰዱ፤ በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድልን ይጨምራል። አሁንም የሚያጨሱ ከሆነ ደግሞ ማቆሙ ለዓይናቸው ከቫይታሚኑ የበለጠ ይጠቅማል።

ስለ ደረቁ አንድ ነገር ልጨምር። በ2023 አሜሪካ ውስጥ ሽፋኑ መሞት ለጀመረበት ደረቅ ዓይነትም ሁለት መርፌዎች ተፈቅደዋል። ጉዳቱ የሚሰፋበትን ፍጥነት ይቀንሳሉ እንጂ የጠፋ እይታ አይመልሱም። ለእናትዎ ግራ ዓይን የታዘዘው እነሱ አይደሉም። ስሙን ኢንተርኔት ላይ አይታችሁ «ይኼኛው ይሻል ይሆን?» ብላችሁ ቀጠሮ እንዳታራዝሙ ብዬ ነው ያነሳሁት።

ዛሬ ማታ ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ አንሱትና የእናትዎ የማንበቢያ መነጽር ከሚቀመጥበት ቦታ አጠገብ አድርጉት። ነገ ጠዋት ግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው በቀኙ ብቻ ይዩት፤ እርስዎም አጠገባቸው ቁጭ ብለው ያዩትን ይጻፉላቸው።